«ፎልደሩ አልከፍት አለኝ»

«ጤና ይስጥልኝ፤ የፋይናንስ ሼርድ ፎልደር አልከፍት ስላለኝ አክሰስ ስጡኝ። አስቸኳይ ነው።»

በመሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል የሠራ ሰው ይህን መልእክት በደንብ ያውቀዋል። አንዳንዴ በኢሜይል፣ ብዙ ጊዜ በቴሌግራም፣ አንዳንዴም ኮሪደር ላይ «ያቺን ነገር አደረግህልኝ?» ተብሎ በቃል ይመጣል። ላኪዋ ጨዋ ናት፤ ሰላምታ አላስቀረችም፤ ችግሯንም ተናግራለች። ሆኖም የተቀበለው ባለሙያ በዚህ ላይ ብቻ ተመሥርቶ አንድም ነገር ማድረግ አይችልም። የትኛው ፎልደር? ለማንበብ ነው ወይስ ለመጻፍም? ማን ፈቀደ? «አልከፍት አለኝ» ሲባልስ ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ምን ይላል? እነዚህን ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ቀኑ ይመሻል። «አይቲዎች ሰው አያስተናግዱም» የሚለው ወሬም የሚወለደው ከዚሁ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንዲት ሠራተኛ ግዥ ክፍል ቆይታ በሰኔ መጀመሪያ ወደ ፋይናንስ የክፍያ ቡድን ተዛወረች እንበል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የክፍያ ሰነዶቹና የማጠቃለያ ሠንጠረዦቹ ቡድኑ በጋራ በሚጠቀምበት ፎልደር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እሷ ግን ፎልደሩን ስትጫን ፈቃድ የለሽም ይላታል። መሥሪያ ቤቱ እንደ ብዙዎቹ የዊንዶውስ ፋይል ሰርቨር ይጠቀማል። የሠራተኞቹ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ የሚተዳደረው ደግሞ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ጋር ባወጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ አይቲ ክፍል የፎልደሩ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አለመሆኑን ነው። የክፍያ ፎልደሩን ማን ይየው፣ ማን ይጻፍበት ብሎ የሚወስነው የፋይናንስ ኃላፊው ወይም እሱ የወከለው ሰው ነው። የአይቲ ባለሙያው በቴክኒክ ረገድ ማንንም ማስገባት ይችላል፤ ነገር ግን በራሱ ውሳኔ ያስገባ እንደሆነ በኦዲት ጊዜ «ይህች ሠራተኛ እዚህ ፎልደር ውስጥ ምን ትሠራለች? ማን ፈቀደላት?» ሲባል የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም። ፎልደሩ የሠራተኞችን ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የዋስትና ሰነድ የያዘ ከሆነ ጉዳዩ ከውስጥ ደንብም ያልፋል፤ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች።

ስለዚህ የጥያቄው መልእክት ሁለት አንባቢ አለው ማለት ነው። አንዱ የሚወስነው ኃላፊ፣ ሌላው የሚፈጽመው ባለሙያ። ኃላፊው ስለ ሰርቨር አያውቅም፤ ማወቅ የሚፈልገው ለምን ሥራ እንደሆነ ነው። ባለሙያው የክፍያ ቡድኑ ማን ምን እንደሚሠራ አያውቅም፤ የሚፈልገው ትክክለኛውን አድራሻና የፈቃዱን ዓይነት ነው። መልእክቱ ለሁለቱም በአንዴ ከበቃ ኃላፊው «ፈቅጃለሁ» ብሎ ይመልሳል፣ ባለሙያው ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይፈጽማል። ጎግል ድራይቭ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ሳያስቡት ለምደውታል። የተዘጋ ፋይል ሲያጋጥማቸው «Request access» የሚለውን ይጫናሉ፤ ጥያቄው የሚሄደውም አይቲ ጋ ሳይሆን የፋይሉ ባለቤት ጋ ነው። በመሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ በአብዛኛው ስለሌለ ሥራውን የሚሠራው መልእክቱ ራሱ ነው።

ወደ አድራሻው እንምጣ። የጊዜው ብክነት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኞች ስለ ጋራ ፎልደር ሲናገሩ «ዜድ ድራይቭ ላይ ያለው» ይላሉ። ዜድ ግን የፎልደሩ ስም አይደለም፤ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ለአንድ የሰርቨር አድራሻ የተሰጠ የአቋራጭ ፊደል ነው። የግዥ ክፍሉ ዜድ ሌላ፣ የፋይናንሱ ዜድ ሌላ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አድራሻ በሁለት ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች ይጀምርና የሰርቨሩን ስም፣ ከዚያ የተጋራውን ፎልደር፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ያሉትን በቅደም ተከተል ይይዛል፦

```
\\FS01\Finance\ክፍያ\2017
```

ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ፎልደሩ የሚከፈትለትን የሥራ ባልደረባ መጠየቅ ነው። ባልደረባው በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ `net use` ብሎ ቢጽፍ የትኛው ፊደል የትኛውን የሰርቨር አድራሻ እንደሚወክል ተዘርዝሮ ይወጣለታል። ሠራተኛዋ ከዚያ ላይ ኮፒ አድርጋ መልእክቷ ውስጥ ትለጥፋለች። ኮፒ አድርጋ ያልኩት በምክንያት ነው። የኛ ፎልደሮች ስማቸው በአማርኛ ሲሆን እጅ ይስታል። ለሰው ዓይን «ሒሳብ» እና «ሂሳብ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሐ እና ሀ የተለያየ የዩኒኮድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ስለሆኑ ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ናቸው። እንዲያውም አንድ ሰው ፎልደሩን በአንዱ ሐ፣ ሌላው በሌላው ሀ ከፍቶት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ግማሹ ፋይል እዚህ ግማሹ እዚያ ሲከማች ማየት ብርቅ አይደለም። «2017» የሚለውም ያሳስታል። የእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ የውጭው? ከለጋሽ ድርጅቶች ጋር በሚሠራ መሥሪያ ቤት ሁለቱም አንድ ሰርቨር ላይ ይኖራሉ።

ከአድራሻው ጋር ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ አብሮ መላክ አለበት፤ ፎቶውን ማንሳት ይበቃል። ምክንያቱም «አልከፍት አለኝ» የሚለው ቃል ፈጽሞ የማይገናኙ ችግሮችን ይሸፍናል። «You do not have permission» ወይም «Access is denied» የሚል ከሆነ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን አግኝቶታል፤ የጎደለው ፈቃድ ነው፤ የአክሰስ ጥያቄውም ቦታው ነው። «The network path was not found» ካለ ወይም `0x80070035` የሚል ቁጥር ካወጣ ግን ሰርቨሩ ጭራሽ አልተገኘም። ኬብሉ ተነቅሎ፣ ዋይፋዩ የእንግዶቹ ሆኖ፣ ከቤት ከሆነ ቪፒኤኑ ሳይያያዝ፣ ወይም የሰርቨሩ ስም በስህተት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የኃላፊ ፊርማ ቢደረደርም የሚከፈት ነገር የለም። ሦስተኛው ደግሞ ኤክሴል ፋይሉ በእገሌ ስለተያዘ ለማንበብ ብቻ ልክፈትልህ የሚልበት ነው፤ «locked for editing» የሚሉት ቃላት ይታያሉ። ይህ ባልደረባው ፋይሉን ከፍቶት ምሳ ወጥቷል ማለት ነው፤ መፍትሔው ያለው አይቲ ክፍል ሳይሆን እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሰርቨሮች ፈቃድ ለሌለው ሰው ፎልደሩን ጨርሰው ይደብቁታል። ባልደረባዋ «ክፍያ» የሚል ፎልደር ያያል፤ እሷ ስክሪን ላይ የለም። ያኔ «ፎልደሩ ጠፍቷል» ብላ ብትጽፍ ባለሙያው ከመጠባበቂያ ቅጂ ሊፈልግ ይነሣል። «ለሌሎች ይታያል፣ ለእኔ አይታይም» ብትል ግን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

የፈቃዱ ዓይነት ቀጥሎ ይመጣል። ዊንዶውስ በርካታ የፈቃድ ደረጃዎች አሉት፤ ለቢሮ ሠራተኛ ግን ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። «Read» ከፍቶ ማየትና ወደ ራስ ኮምፒውተር መቅዳት ያስችላል። «Modify» መጻፍ፣ መለወጥና መሰረዝ ያስችላል። ከዚህ በላይ ያለው «Full Control» የሌሎችን ፈቃድ እስከ መለወጥ ስለሚደርስ ለተራ ሥራ አያስፈልግም፤ «ሙሉ አክሰስ ይሰጠኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ብዙ ሰው ለማንኛውም ብሎ ትልቁን ይጠይቃል። «ለማንኛውም» ግን ዋጋ አለው። ከኔትወርክ ፎልደር ላይ የተሰረዘ ፋይል በራስ ኮምፒውተር ላይ እንደተሰረዘው ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም፤ በቀጥታ ይጠፋል። ሰርቨሩ በየጊዜው የቀደመ ቅጂ የሚይዝ ሆኖ ካልተዘጋጀ ወይም ባክአፕ ከሌለ መመለሻ የለውም። ከመሰረዝ ይልቅ የሚበዛው ደግሞ የማውስ ስህተት ነው። አንድ ሰው ፎልደር ተጭኖ ሳለ እጁ ይንሸራተትና «ሰኔ» የሚለው ፎልደር «ግንቦት» ውስጥ ይወድቃል። ማንም አልሰረዘም፤ ፋይሎቹም አሉ፤ ግን ክፍሉ በሙሉ «የሰኔ ሰነድ ጠፋ» እያለ ይሸበራል። ለማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ሰው ይህን ሊያደርግ አይችልም። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ያህል ፈቃድ ብቻ ይያዝ የሚለውን መርህ አስቀምጠው ነበር፤ የዛሬዎቹ አይቲ ክፍሎች አሁንም የሚመሩት በእሱ ነው።

የእኛ ሠራተኛ የዘንድሮውን የክፍያ ሠንጠረዥ ራሷ ትሞላለች፤ ስለዚህ እዚያ ላይ መጻፍ ያስፈልጋታል። ያለፈውን ዓመት ግን ለማመሳከር ብቻ ነው የምታየው። ይህን ለይታ ብትጽፍ ኃላፊዋ ሳይጨነቅ ይፈቅዳል።

አቋራጭ የሚመስል አንድ አጻጻፍ ደግሞ አለ፤ «እሷ ያላትን አክሰስ ለእኔም ስጡኝ» የሚለው። ላኪዋ ዝርዝር ከመጻፍ ትድናለች፣ ባለሙያውም ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን ያቺ ባልደረባ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ስትዘዋወር ከየክፍሉ ያከማቸችው ፈቃድ አለ፤ አንዴ ለቅጥር ኮሚቴ ተመርጣ የፈተና ውጤት ፎልደር ተከፍቶላት ይሆናል፤ አንዴ ኃላፊዋ እረፍት ሲወጡ ተክታ ሠርታ ይሆናል። ያን ሁሉ ማንም አልቀነሰም። የእሷ ተቀድቶ ሲሰጥ ለአዲሷም ያ ሁሉ ይተላለፋል፤ የፋይናንስ ኃላፊው የፈቀደው የክፍያ ፎልደርን ብቻ ሆኖ ሳለ። ጠንቃቃ ባለሙያ ይህን ዓይነት ጥያቄ መልሶ ይልከዋል፤ መመለሱም ክፋት አይደለም።

እንግዲህ መልእክቱ ሙሉውን ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ለአይቲ ክፍል
ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የክፍያ ቡድን የጋራ ፎልደር አክሰስ ስለመጠየቅ

ከሰኔ 2 ጀምሮ ከግዥ ክፍል ወደ ፋይናንስ ክፍያ ቡድን ተዛውሬአለሁ። የወሩን የክፍያ ሠንጠረዥ ለመሙላት በ \\FS01\Finance\ክፍያ\2017 ላይ የመጻፍ ፈቃድ፣ ለማመሳከር ደግሞ በ \\FS01\Finance\ክፍያ\2016 ላይ የማንበብ ፈቃድ ያስፈልገኛል። ኮምፒውተር ላይ የምገባበት ስም ከታች አለ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ፎቶም ተያይዟል። የሰኔ ክፍያ መሞላት የሚጀምረው ሰኔ 9 ስለሆነ ከዚያ በፊት ቢደርስልኝ። በግዥ ፎልደሮች ላይ የነበረኝ ፈቃድ ከሰኔ 15 በኋላ አያስፈልገኝም፤ እስከዚያ ርክክብ ላይ ነኝ።

አቶ … እባክዎ መፍቀድዎን በዚሁ ላይ በመመለስ ያረጋግጡልን።

ከሰላምታ ጋር»

ከመደበኛው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤያችን ብዙም አይርቅም፤ ጉዳይ አለው፣ ግልባጭ አለው። «አስቸኳይ» የሚለው ቃል ቀርቶ ቀን ገብቷል፤ ባለሙያው ከሌሎቹ ሥራዎች ጋር አመዛዝኖ ቦታ የሚሰጠው በቀኑ ነው። ፓስወርድ የለበትም። ለመጠየቅ የመግቢያ ስም ይበቃል፤ ፓስወርድሽን ላኪልኝ የሚል የአይቲ ሰው ካለ እሱ ራሱ ሌላ መልእክት የሚያስጽፍ ጉዳይ ነው።

ኃላፊው ፈቅጃለሁ ብለው መለሱ። ባለሙያው አሁን ምን ያደርጋል? ሰዎች እንደሚገምቱት ፎልደሩ ላይ ሄዶ የሠራተኛዋን ስም አይጽፍም። ፎልደሩ ላይ ቀድሞ የተጻፈው የግሩፕ ስም ነው፤ ለምሳሌ `FIN_Payment_RW` የሚባል ግሩፕ መጻፍ ይችላል፣ `FIN_Payment_R` ማንበብ ብቻ። ባለሙያው የሚያደርገው እሷን ወደ ግሩፑ መጨመር ነው። ምክንያቱም ፎልደሩ ላይ የተጻፈ ፈቃድ ሲለወጥ ዊንዶውስ ያንን ለውጥ ውስጡ ላሉት ፋይሎች በሙሉ ያዳርሳል፤ መቶ ሺህ ፋይል ያለው ፎልደር ከሆነ ሰርቨሩ ለረጅም ጊዜ ይንተፋተፋል፤ መሐል ላይ ቢቋረጥ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ግሩፕ ውስጥ ሰው ሲጨመር ወይም ሲወጣ ግን አንድም ፋይል አይነካም።

ስም በቀጥታ የተጻፈባቸውን ፎልደሮች ዕድሜያቸው ራሱ ያጋልጣቸዋል። ሰውየው ሥራ ለቆ አካውንቱ ሲሰረዝ የፈቃድ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ይጠፋና በቦታው `S-1-5-21` ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይቀራል። ማን እንደነበረ ማንም አያስታውስም። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የተደረደሩበት ፎልደር ካያችሁ በዚያ መሥሪያ ቤት አክሰስ የሚሰጠው በኮሪደር ላይ ጥያቄ እንደነበር አትጠራጠሩ።

ሠራተኛዋ «ተፈጽሟል» የሚል መልስ ደረሳት። ፎልደሩን ተጫነች። አሁንም ፈቃድ የለሽም አላት።

በአይቲና በሠራተኛው መካከል ከሚነሣው አለመግባባት ብዙው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ እውነታቸውን ነው። ጠዋት ኮምፒውተሯን ከፍታ ስሟንና ፓስወርዷን ስታስገባ ሲስተሙ የማን የማን ግሩፕ አባል እንደሆነች አይቶ የማንነት መግለጫ ያዘጋጅላታል። በር ላይ እንደሚሰጥ የዕለት ባጅ ነው፤ ሰርቨሩ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ባጁን እንጂ መዝገቡን አይደለም። ባለሙያው ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ቢያስተካክልም የጠዋቱ ባጅ ላይ አዲሱ ግሩፕ የለም። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ወጥታ፣ ማለትም «Sign out» ብላ፣ እንደገና መግባት አለባት። ላፕቶፑን ከድኖ መክፈት አይበቃም፤ ሥራዋን እንደተከፈተ ያቆየዋል እንጂ አያስወጣትም። ሳምንቱን ሙሉ ላፕቶፓቸውን ከድነው ብቻ የሚሄዱ ሰዎች አክሰሱ «ሰኞ በራሱ መጣ» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ገብታ ስትጨርስ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ ይህን ብትጽፍ በወቅቱ አባል የሆነችባቸው ግሩፖች ተዘርዝረው ይወጣሉ፦

```
whoami /groups
```

`FIN_Payment_RW` ከዝርዝሩ ውስጥ ካለ ባጁ ታድሷል። ከሌለና ወጥታ ከገባች ደግሞ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ከቤት የምትሠራ ከሆነ ላፕቶፑ ላይ የገባችው ቪፒኤኑ ከመያያዙ በፊት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞ በያዘው አሮጌ መረጃ ነው ያስገባት። ቪፒኤኑ እንደተያያዘ ስክሪኑን ቆልፋ በፓስወርዷ ብትከፍተው ብዙ ጊዜ ይፈታል። በሌላ ከተማ ባለ ቅርንጫፍ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ የዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ለውጡን ወደ ቅርንጫፉ መዝገብ እስኪያስተላልፍ ይቆያል። ማይክሮሶፍት በሳይቶች መካከል ላለው ለዚህ ልውውጥ መነሻ አድርጎ ያስቀመጠው 180 ደቂቃ ነው፤ ባለሙያዎች ያሳጥሩታል፤ ያልተነካበት ቦታም ግን አለ። ለመላው ቅርንጫፍ ሦስት ሰዓት መጠበቅ ማለት ነው።

ፎልደሩ ተከፈተላት፣ ሠንጠረዡንም ከፈተች፤ ልታስቀምጥ ስትል ግን እምቢ አለ። ይህ ከመጀመሪያው የተለየ ችግር ስለሆነ በመልእክት ሲነገርም ተለይቶ መነገር አለበት። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ አንድ ፎልደር ሁለት የፈቃድ ዝርዝር አለው። አንዱ ፎልደሩ በኔትወርክ ሲጋራ የሚሰጠው ነው፤ ሌላው ዲስኩ ላይ በራሱ በፎልደሩ ላይ የተጻፈው። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው ከሁለቱ ጠበቅ ያለውን ነው። አዲስ ፎልደር ሲጋራ ዊንዶውስ ከመነሻው የሚሰጠው ሁሉም ሰው ያንብብ የሚለውን ብቻ ስለሆነ ያንን መለወጥ የረሳ ባለሙያ በሌላው ዝርዝር ላይ የመጻፍ ፈቃድ ቢሰጥም ማንበብ ብቻ ነው የሚሠራው። የሚያስገርመው ባለሙያው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ሲሞክረው ይሠራለታል። ከሰርቨሩ ላይ ለሚከፍት ሰው የኔትወርኩ ዝርዝር አይመለከተውምና «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ከልቡ ነው። «ይከፍታል፣ ግን ሴቭ አያደርግም፤ ሌሎቹም ፋይሎች ላይ ሞክሬአለሁ» የሚል አንድ መስመር ከላከችለት የት ማየት እንዳለበት ያውቃል።

ችግሩ አንድ ፋይል ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ሁሉም ይከፈታል፤ «የሰኔ ማጠቃለያ» ብቻ አይከፈትም። ምናልባት ኃላፊው ፋይሉን ራሳቸው ብቻ ከሚያዩት ፎልደር ላይ አንሥተው ወደ ጋራው አዛውረውት ነው። በአንድ ዲስክ ውስጥ የተዛወረ ፋይል የቀድሞ ቤቱን ፈቃድ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ኮፒ የተደረገ ፋይል ግን የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። ኃላፊው ፋይሉን ኮፒ አድርገው መልሰው ቢያስቀምጡት ብዙ ጊዜ አይቲ ሳይጠራ ያልቃል።

በመልእክቷ መጨረሻ አካባቢ የነበረውን ስለ ግዥ ፎልደሮቹ የጻፈችውን መስመር ብዙ ሰው አይጽፈውም። ሰው የሚጎድለውን እንጂ የሚተርፈውን ለማመልከት መልእክት አይልክም። አይቲ ክፍልም ሰው ሲለቅ አካውንት ይዘጋል እንጂ ሰው ሲዛወር ካልተነገረው አያውቅም። የሰው ኃይል ክፍል የዝውውር ደብዳቤ ግልባጭ ለአይቲ የሚልክበት መሥሪያ ቤት ካለ የታደለ ነው። እሷ ካልጻፈች ታዲያ ምን ይሆናል? ግዥ ፎልደር ውስጥ የአቅራቢዎች ዋጋ ማወዳደሪያና የግዥ ትእዛዝ አለ፤ ክፍያ ፎልደር ውስጥ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የሚከፈለው መጠን አለ። በአንደኛው ላይ የአቅራቢን ዋጋ መለወጥ የሚችል ሰው በሌላኛው ላይ ክፍያውን ማዘጋጀት መቻል የለበትም። እሷ ታማኝ ብትሆንም ፓስወርዷን ያገኘ ሌላ ሰው፣ ወይም ኮምፒውተሯ ላይ የገባ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ፣ መጻፍ የምትችልበትን ሁሉ መጻፍ ይችላል። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው አንዱም የሁለቱን ግሩፖች አባላት ዝርዝር ጎን ለጎን ማየት ነው፤ አንድ ስም በሁለቱም ላይ ካገኘ ግኝት ብሎ ይጽፈዋል።

ሰኔ 15 ደረሰ። ባለሙያው መልእክቷን አገኘና ከግዥ ግሩፕ አወጣት። በማግሥቱ ጠዋት ስትገባ የግዥ ፎልደር አልተከፈተላትም። ርክክቡ ግን ገና አላለቀም ነበር፤ የቀድሞ ኃላፊዋ ሁለት ፋይል ፈልገዋል። አዲስ መልእክት መጻፍ አላስፈለጋትም፤ በዚያው ላይ መልሳ «ለማንበብ ብቻ፣ እስከ ሰኔ 20» ብላ ጻፈች፤ ግልባጩን አሁን ለፋይናንሱ ሳይሆን ለግዥ ኃላፊው አደረገች።